የመቀበያ መስፈርት፦ የተረሳ ፓስዎርድ መቀየር

ይህ ሰነድ ለዴቨሎፐሮቻችን፣ ለሞካሪዎቻችንና ባክሎጉን ለሚመራው ሰው ነው። የጎንደር ፔንሲዮኖችና አነስተኛ ሆቴሎች ክፍል የሚመዘግቡበትን መተግበሪያ ይመለከታል።

የደረሰን ታሪክ ይህ ነው፦

«እንደ ፔንሲዮን ባለቤት፣ ፓስዎርዴን ስረሳ በቀላሉ መቀየር እፈልጋለሁ፤ ሥራዬ እንዳይስተጓጎል።»

ፍላጎቱ እውነተኛ ነው። ግን «በቀላሉ» የሚለውን ማንም ሞካሪ አለፈ ወይም ወደቀ ሊለው አይችልም። አንዱ ዴቨሎፐር በኢሜይል ሊንክ ይልካል፣ ሌላው ደግሞ የእናት ስም ይጠይቃል። ሁለቱም ታሪኩን ፈጽመናል ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ ከመጻፌ በፊት ሦስት ነገር ወስኛለሁ።

«በቀላሉ» ማለት ባለቤቷ የተመዘገበችበትን ስልክ ብቻ ይዛ፣ ኢሜይል ሳያስፈልጋት፣ ቢሮ ሳትደውል ትጨርሳለች ማለት ነው። «ሥራዬ እንዳይስተጓጎል» ማለት እሷ ፓስዎርድ ስትቀይር ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ እንግዳ መመዝገቡን አያቋርጥም ማለት ነው። ሦስተኛውን ታሪኩ አልተናገረውም፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ለባለቤቷ የቀለለው መንገድ፣ ቁጥሯን ለሚያውቅ ሰው ሁሉ መቅለል የለበትም። የፔንሲዮን ባለቤት ስልክ ቁጥር በር ላይ ተለጥፎ የሚነበብ ነገር ነው።

ከታች «መነሻ» ከድርጊቱ በፊት ያለው ሁኔታ ነው። «ሲደረግ» አንድ ድርጊት ብቻ ነው። «ያኔ» ደግሞ ሞካሪው በዓይኑ አይቶ የሚፈርድበት ውጤት ነው።

1. ኮድ መጠየቅ

መነሻ፦ ባለቤቷ በስልክ ቁጥሯ ተመዝግባለች፤ አሁን መግቢያው ገጽ ላይ ነች።
ሲደረግ፦ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ነክታ ቁጥሯን ስትልክ፣
ያኔ፦ ባለ 6 አኃዝ ኮድ ለተመዘገበው ቁጥር ብቻ በኤስኤምኤስ ይላካል። ገጹም «ቁጥሩ ተመዝግቦ ከሆነ ኮድ ይደርስዎታል» ይላል።

ያው ቁጥር በ09 ወይም በ+2519፣ በ07 ወይም በ+2517 ቢጀምር፣ በመሃል ክፍተት ቢኖረውም፣ እንደ አንድ ቁጥር ይታያል። ሞካሪው አምስቱንም ይሞክር።

2. ያልተመዘገበ ቁጥር

መነሻ፦ ቁጥሩ በሥርዓቱ ውስጥ የለም።
ሲደረግ፦ ያ ቁጥር ሲላክ፣
ያኔ፦ ምንም ኤስኤምኤስ አይላክም። ገጹ ግን ከመስፈርት 1 ጋር ቃል በቃል አንድ ነው፤ መልሱ የሚመጣበት ፍጥነትም የተለየ አይሆንም።

ይህን የምጠብቀው ማንም ሰው ቁጥር እያስገባ የትኛው ፔንሲዮን የእኛ ደንበኛ እንደሆነ እንዳያጣራ ነው። ጉዳት አለው። አንድ አኃዝ የተሳሳተች ባለቤት ኮድ ስትጠብቅ ትቆያለች። ስለዚህ የሚከተለው ግዴታ ነው፦

መነሻ፦ ቁጥሩ ተልኮ የኮድ ማስገቢያው ገጽ ተከፍቷል።
ሲደረግ፦ ገጹ ሲታይ፣
ያኔ፦ የገባው ቁጥር ሙሉ በሙሉ፣ ጎልቶ ይታያል። አጠገቡም «ቁጥሩን አስተካክል» የሚል ቁልፍ አለ።

3. የኤስኤምኤሱ ጽሑፍ

መነሻ፦ ባለቤቷ የመረጠችው ቋንቋ አማርኛ ነው።
ሲደረግ፦ ኮዱ ሲላክ፣
ያኔ፦ መልእክቱ እንዲህ ይነበባል፦ «የይለፍ ቃል ኮድ፦ 482917። ለ15 ደቂቃ ይሠራል። ለማንም አይስጡ።» አኃዙ ብቻ በየጊዜው ይለያያል።

የግዕዝ ፊደል ያለበት ኤስኤምኤስ አንዱ 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ በላቲን ብቻ ሲጻፍ ግን 160 ነው። ከ70 ካለፈ ተከፋፍሎ ይላካል፣ የሁለት መልእክት ዋጋም ያስከፍላል። ከላይ ያለው 44 ፊደል ነው። ማስታወቂያም ሆነ የፔንሲዮኑ ስም አይጨመርበት።

ማብቂያው በደቂቃ እንጂ በሰዓት አይጻፍም። ሰርቨሩ 14፡20 ሲል ባለቤቷ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ነው የምትለው። በእገዳ መልእክቶችም ላይ «ከ1 ሰዓት በኋላ ይሞክሩ» አይባልም፤ ጠዋት 1 ሰዓት የሚመስለው ሰው አለ። «60 ደቂቃ ይጠብቁ» ይባል።

4. የዘገየ ኮድ

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። የጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ ኤስኤምኤስ ይዘገያል። ባለቤቷ ትጠብቃለች፣ «ድጋሚ ላክ» ትላለች፣ ከዚያ ሁለቱም መልእክቶች ተከታትለው ይደርሳሉ፤ ምናልባትም ቅደም ተከተላቸው ተገልብጦ። የተለመደው አሠራር አዲስ ኮድ ፈጥሮ የበፊቱን መሰረዝ ነው። በዚያ አካሄድ ባለቤቷ ትክክለኛ የሚመስል ኮድ አስገብታ «ተሳስተዋል» ትባላለች፤ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ የምታውቅበት መንገድም የላትም። ስለዚህ፦

መነሻ፦ ኮድ ተልኳል፣ 15 ደቂቃው አላለፈም፣ ከመጨረሻው መልእክት ወዲህ 60 ሰከንድ ሞልቷል።
ሲደረግ፦ ባለቤቷ «ድጋሚ ላክ» ስትል፣
ያኔ፦ ያው ኮድ እንደገና ይላካል። 15 ደቂቃው እንደ አዲስ አይጀምርም። የስህተት ሙከራ ቆጠራውም ወደ ዜሮ አይመለስም።

መነሻ፦ ኮዱ ከተፈጠረ 15 ደቂቃ አልፏል።
ሲደረግ፦ ባለቤቷ ትክክለኛውን ኮድ ስታስገባ፣
ያኔ፦ ኮዱ ተቀባይነት አያገኝም። «ጊዜው አልፏል» የሚል ጽሑፍና አዲስ ኮድ መጠየቂያ ቁልፍ ይታያል። ቁጥሯን እንደገና እንድትጽፍ አትጠየቅም።

5. የተሳሳተ ኮድ እና ገደብ

መነሻ፦ በአንድ ኮድ 4 ጊዜ ስህተት ገብቷል።
ሲደረግ፦ ለ5ኛ ጊዜ ስህተት ሲገባ፣
ያኔ፦ ኮዱ ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ቢገባ እንኳ አይሠራም።

6 አኃዝ ማለት 1,000,000 ሊሆኑ የሚችሉ ኮዶች ነው። 5 ሙከራ ብቻ የተፈቀደለት ገማች በአንድ ኮድ ያለው ዕድል ከ200,000 አንድ ነው። ይህ የሚያስተማምነው ግን አዲስ ኮድ እንደፈለገ መጠየቅ ካልቻለ ብቻ ነው።

መነሻ፦ ለአንድ ቁጥር በ60 ደቂቃ ውስጥ 3 መልእክት፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ 6 መልእክት ተልኳል።
ሲደረግ፦ ሌላ ሲጠየቅ፣
ያኔ፦ መልእክት አይላክም፤ ስንት ደቂቃ መጠበቅ እንዳለባት ገጹ ይናገራል። ያልተመዘገበ ቁጥርም በተመሳሳይ ጥያቄ ብዛት ይህንኑ ገጽ ያያል።

መነሻ፦ ቁጥሩ በዚህ ገደብ ላይ ነው።
ሲደረግ፦ ባለቤቷ በነባሩ ፓስዎርዷ ስትገባ፣
ያኔ፦ እንደ ወትሮው ትገባለች።

ይህችን የመጨረሻዋን አትዝለሏት። እሷ ከሌለች ማንም ተንኮለኛ የሌላ ፔንሲዮን ቁጥር ደጋግሞ በማስገባት ብቻ ባለቤቱን በበዓል ዋዜማ ከሥርዓቱ ውጭ ሊያደርገው ይችላል።

6. አዲሱ ፓስዎርድ

መነሻ፦ ኮዱ ትክክል ሆኖ አዲስ ፓስዎርድ የሚጻፍበት ገጽ ተከፍቷል።
ሲደረግ፦ ባለቤቷ ቢያንስ 10 ፊደል ወይም ምልክት ያለው፣ በታወቁት ደካማ ፓስዎርዶች ዝርዝር ውስጥ የሌለ ነገር ስትጽፍ፣
ያኔ፦ ይቀበላል። ትልቅ ፊደል፣ ቁጥር ወይም ምልክት እንድትቀላቅል አትገደድም። ክፍተት ይፈቀዳል፤ ቀድቶ መለጠፍም ይፈቀዳል።

የማቀላቀል ግዴታውን የተውኩት የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት፣ በ800-63B መመሪያው እንዲህ ያሉ ሕጎች እንዳይጫኑ ስለሚመክር ነው። ሰው ሲገደድ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ ያደርግና መጨረሻ ላይ 1 ይጨምራል፤ ይህን ገማቹም ያውቃል።

መነሻ፦ ያው ገጽ ነው።
ሲደረግ፦ ፓስዎርዱ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ፣
ያኔ፦ እያንዳንዱ ፊደል እንደ አንድ ይቆጠራል። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ» እና «ሐ» የተለያዩ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ሥርዓቱ ወደ አንዱ አይቀይራቸውም።

መነሻ፦ የባለቤቷ ፓስዎርድ 30 የግዕዝ ፊደል አለው።
ሲደረግ፦ የመጨረሻውን ፊደል ብቻ ቀይራ ልትገባ ስትሞክር፣
ያኔ፦ አትገባም።

ይህ መስፈርት ምክንያት አለው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ፓስዎርድን ቀይሮ ለማስቀመጥ የሚያገለግለው `bcrypt` ደግሞ ከ72 ባይት በላይ ያለውን አያይም። ያለ ጥንቃቄ ከተጠቀምንበት፣ ከ24ኛው ፊደል በኋላ የተጻፈው ሁሉ በዝምታ ይጣላል። በላቲን ፊደል የሚሞክር ሞካሪ ይህን በቀላሉ አያገኘውም፤ ስለዚህ ሙከራው በግዕዝ ይሁን።

7. ከተቀየረ በኋላ

መነሻ፦ የባለቤቷ አካውንት በሌላ ስልክና በሪሴፕሽኑ ኮምፒዩተር ላይ ክፍት ነው።
ሲደረግ፦ አዲሱ ፓስዎርድ ሲቀመጥ፣
ያኔ፦ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ያለው የእሷ መግቢያ ሁሉ ይዘጋል፤ ኮዱም ዳግመኛ አይሠራም። እሷ ወደ መግቢያው ገጽ ተመልሳ በአዲሱ ትገባለች። ለስልኳም «የይለፍ ቃልዎ ተቀይሯል። እርስዎ ካልሆኑ አሁኑኑ ይደውሉልን።» የሚል መልእክት ይሄዳል። አዲሱ ፓስዎርድ በመልእክቱ ውስጥ በፍጹም አይጻፍም።

መነሻ፦ የሪሴፕሽኑ ልጅ በራሱ አካውንት ገብቶ እንግዳ እየመዘገበ ነው።
ሲደረግ፦ ባለቤቷ ፓስዎርዷን ስትቀይር፣
ያኔ፦ የእሱ መግቢያ አይነካም፤ ምዝገባውን ይጨርሳል።

መነሻ፦ ልጁ በባለቤቷ አካውንት ነው የገባው፤ የእንግዳውን ስምና ቀን ሞልቶ ገና አላስቀመጠም።
ሲደረግ፦ ባለቤቷ ፓስዎርዷን ስትቀይርና መግቢያው ሲዘጋ፣
ያኔ፦ የተሞላው በፔንሲዮኑ ረቂቅ ሆኖ ይቀመጣል። ከፔንሲዮኑ ሠራተኞች ማንም በራሱ አካውንት ገብቶ ይቀጥለዋል።

አካውንት መጋራት እንደማይመከር አውቃለሁ። ግን በየፔንሲዮኑ ያለው እውነታ ይኸው ነው። ሻንጣውን ይዞ የቆመ እንግዳ በእኛ መርህ ምክንያት ስሙን ሁለት ጊዜ መናገር የለበትም።

ለሞካሪው አንድ የመዝገብ ፍተሻም አለ፦

መነሻ፦ ከመስፈርት 1 እስከ 7 ያለው ሂደት አንድ ጊዜ ተከናውኗል።
ሲደረግ፦ የሰርቨሩ ሎግ ሲፈተሽ፣
ያኔ፦ ኮዱም ፓስዎርዱም የትም አይገኙም። የጥያቄው ጊዜና ውጤቱ ግን ተመዝግበዋል።

8. ስልኩ ከሌለስ

ሲሟ የጠፋባት ወይም ቁጥር የቀየረች ባለቤት በዚህ ታሪክ አትሸፈንም። ማንነቷን ማረጋገጥ የተለየ ሥራ ነው፤ ራሱን የቻለ ታሪክ ሆኖ ባክሎግ ውስጥ ይግባ። እዚህ የሚፈተሸው መንገዱ መዘጋቱን በግልጽ መናገራችን ነው፦

መነሻ፦ ባለቤቷ የኮድ ማስገቢያው ገጽ ላይ ነች፤ የተመዘገበው ስልክ በእጇ የለም።
ሲደረግ፦ «ይህ ስልክ የለኝም» የሚለውን ስትነካ፣
ያኔ፦ መታወቂያዋንና የፔንሲዮኑን ንግድ ፈቃድ ይዛ ቢሮ እንድትመጣ የሚነግር ገጽ ይከፈታል። ቁጥር መቀየሪያ፣ የምስጢር ጥያቄም ሆነ ወደ ሌላ ስልክ ኮድ መላኪያ በዚህ ገጽ ላይ የለም። ቢሮ የሚቀመጠውም ሰው በስልክ ተለምኖ ቁጥር የሚቀይርበት ቁልፍ አይኖረውም።