ለአያቴ፦ የ«ዳላስ» ቤተሰቦች

ውድ አያቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? «ዳላስ» የተባለውን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ስናይ ማን የማን ወገን እንደሆነ ስለጠየቁኝ ይህን ጻፍኩልዎ።

ዩዊንጎች በቴክሳስ፣ ሳውዝፎርክ በተባለው የከብት እርባታ የሚኖሩ የነዳጅ ባለጸጎች ናቸው። አባትየው ጆክና ዲገር ባርንስ በወጣትነታቸው ነዳጅ አብረው የሚፈልጉ ሸሪኮች ነበሩ፤ ዲገር ግን ጆክ ድርሻዬን በላኝ፣ የምወዳትን ኤሊንም አገባብኝ ብሎ ቂም ያዘ፤ ቂሙንም ለልጁ ለክሊፍ አወረሰው። የጆክ የመጨረሻ ልጅ ቦቢ የዲገርን ልጅ ፓሜላን ማግባቱ ታዲያ ጠቡን ወደ ዩዊንጎች ማዕድ አመጣው። ያ ባርኔጣ የማይለየው ታላቅ ወንድም ጄአር ነው፤ ምራቲቱን ከቤት ለማስወጣት የማይሸርበው ተንኮል የለም። እኔ ከሁሉም የማዝነው ለኤሊ ነው፤ ባሏንም ልጆቿንም ስለምትወድ በመካከል የምትጎዳው እርሷ ናት።

ቅዳሜ መጥቼ ቀጣዩን ክፍል አብረን እናያለን።

አክባሪዎ የልጅ ልጅዎ