ጉዳዩ፦ ማክሰኞ በስልክ ስለቀረበልኝ የቅጥር ሐሳብ

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ ሄለን፣

ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያነት ስላጩኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሥራውን እፈልገዋለሁ። ሆኖም መደቡ ሦስት ሠራተኞችን መምራትንና የዓመት መዝጊያ ሒሳብን በኃላፊነት ማዘጋጀትን እንደሚጨምር በመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ስለተረዳሁ፣ ይህንኑ ሥራም ላለፉት 6 ዓመታት ስሠራው ስለቆየሁ፣ የነገሩኝ መነሻ ደመወዝ በ12 በመቶ እንዲሻሻልልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የደመወዝ እርከኑ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ (አይፈቅድም ብዬ አስቀድሜ መገመት ባልፈልግም)፣ ጭማሪው 6 በመቶ ሆኖ የዓመት ፈቃዱ በ5 ቀናት ከፍ ቢልና የሕክምና መድኑ ቤተሰቤን ቢያካትት እስማማለሁ።

አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ስለሚጠይቅ፣ መልቀቂያ የማስገባው ስምምነታችን በጽሑፍ ሲደርሰኝ ነው። እስከ ዓርብ ምላሽዎን ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰላማዊት