ጉዳዩ፦ የሥልጠናውና የውል ዕድሳቱ ሪግሬሽን፤ ስላይድ 7 ላይ «ሥልጠናው ዕድሳትን በ14 ነጥብ ያሳድጋል» እንዳንል

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ ሰብለ፣

ለሐሙሱ ስብሰባ የተዘጋጀውን ረቂቅ አየሁት። ስላይድ 7 ላይ ያለው 14 የመጣው እኔ ካሠራሁት ሪግሬሽን ነው፤ ስሌቱም ትክክል ነው። ችግሩ «ያሳድጋል» የሚለው ግስ ላይ ነው። ሞዴሉ የሚናገረው በ6ኛው ሳምንት ሥልጠና የገቡ ደንበኞች ውላቸውን አብዝተው እንደሚያድሱ ነው። ያደሱት ሥልጠናውን ስለወሰዱ ነው ወይስ ድሮም ሊያድሱ የነበሩት ናቸው ሥልጠና የገቡት የሚለውን ግን አይለይም። በስላይዱ መሠረት ሥልጠናውን ለሁሉም ደንበኛ ግዴታ ለማድረግ በጀት ሊጠየቅ ስለሆነ፣ ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን ላስቀምጥ። የሶፍትዌራችን የ6 ወር ውላቸው የዕድሳት ጊዜ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የደረሰ 2,412 ደንበኞች አሉ። 812ቱ ሥልጠናውን ወስደዋል፣ 1,600ው አልወሰዱም። ከወሰዱት 79 በመቶ፣ ካልወሰዱት 62 በመቶ ውላቸውን አድሰዋል፤ ጥሬ ልዩነቱ 17 ነጥብ ነው። የጥቅሉን ዓይነት፣ የተጠቃሚዎቹን ብዛትና ደንበኛው የመጣበትን መንገድ ስንጨምር ኮኤፊሸንቱ 0.14፣ ማለትም የስላይዱ 14 ነጥብ፣ ይሆናል፤ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.02፣ የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ0.10 እስከ 0.18 ነው።

ፒ-ቫልዩው ከ0.001 በታች መሆኑ በስብሰባው ላይ እንደ ማስረጃ ሊነሳ ይችላል። ፒ-ቫልዩ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ እውነተኛ ልዩነት ባይኖር፣ ይህን ያህል ትልቅ ልዩነት በአጋጣሚ የማየት ዕድላችን ስንት ነበር? አጋጣሚ አለመሆኑን ተቀብያለሁ። የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት ከየት መጣ ለሚለው ግን መልስ የለውም። የደንበኛውን ቁጥር አሥር እጥፍ ብናደርገው ኢንተርቫሉ ይጠባል እንጂ የተሳሳተ ንጽጽር ትክክል አይሆንም።

አሁን ንጽጽሩን የሚያበላሹትን ነገሮች ላሳይዎት። ትልቁ የጊዜ ጉዳይ ነው። ሥልጠናው የሚሰጠው በ6ኛው ሳምንት ነው። 160 ደንበኞች ከዚያ በፊት ውላቸውን አቋርጠዋል። እነዚህ ሥልጠናውን የመውሰድ ዕድል እንኳ አልነበራቸውም፤ በፋይላችን ግን ሁሉም «አልሠለጠነም» ተብለው፣ ሁሉም «አላደሰም» ተብለው ተመዝግበዋል። በሌላ በኩል የሠለጠኑት በሙሉ እስከ 6ኛው ሳምንት የቆዩ ናቸው፤ ካልቆዩ አይሠለጥኑማ። ስለዚህ ሥልጠናው አንድም ሰው ሳይለውጥ ልዩነት ይፈጠራል። 160ዎቹን ስናወጣ ካልሠለጠኑት 1,440 ይቀራሉ፤ ያደሱት 992 ስለሆኑ የዕድሳት መጠናቸው ከ62 ወደ 69 በመቶ ይወጣል። ጥሬ ልዩነቱ ከ17 ወደ 10 ነጥብ ወረደ ማለት ነው፤ ያውም አንድ አዲስ ተለዋዋጭ ሳንጨምር። በሪግሬሽኑም 0.14 የነበረው ኮኤፊሸንት 0.08 ይሆናል።

ቀጥሎ ያለው ማን ሥልጠና ገባ የሚለው ነው። ሥልጠናው በፈቃደኝነት ነው፤ ግብዣውን የሚልኩትም የደንበኛ አስተባባሪዎች ናቸው። አስተባባሪ ደግሞ ስልክ የሚያነሳለትን፣ ጥያቄ የሚጠይቀውን፣ ሶፍትዌሩን ዕለት ዕለት የሚከፍተውን ደንበኛ ነው አስቀድሞ የሚጋብዘው። ይህ ግምት ብቻ እንዳይሆን አንድ ነገር ፈተሽኩ፦ ሥልጠናው ከመሰጠቱ በፊት ባሉት የመጀመሪያ 4 ሳምንታት ደንበኞቹ ሶፍትዌሩን ስንት ጊዜ ከፍተዋል? በኋላ የሠለጠኑት በአማካይ 11 ጊዜ፣ ያልሠለጠኑት 6 ጊዜ። በ6ኛው ሳምንት የተሰጠ ሥልጠና የ3ኛውን ሳምንት አጠቃቀም ሊለውጥ አይችልም። ሁለቱ ቡድኖች ከመነሻው የተለያዩ ነበሩ ማለት ነው። ከሁሉም ይልቅ አሳማኙ ማስረጃ ይሄ ይመስለኛል፤ ለሥራ አመራሩ አንድ ቁጥር ብቻ ማሳየት ቢኖርብን ይህን እመርጣለሁ። የ4 ሳምንቱን አጠቃቀም ሞዴሉ ውስጥ ሳስገባ ኮኤፊሸንቱ 0.06 ላይ ይደርሳል፤ ኢንተርቫሉ ከ0.02 እስከ 0.10።

ቡድኑ እንዲያጣራው የመጨረሻው ሞዴል ይህ ነው፦

```
d6 = d[d.cancel_week.isna() | (d.cancel_week >= 6)]
m = smf.ols("renewed ~ trained + C(plan) + seats"
            " + C(channel) + logins_4w", data=d6)
m.fit(cov_type="HC1").summary()
```

`HC1` የገባው ውጤቱ 0 ወይም 1 ስለሆነና የስሕተቱ ስፋት ከደንበኛ ደንበኛ ስለሚለያይ ነው።

«እንግዲያው ስላይዱ ላይ 14ን በ6 እንተካ» ሊባል ይችላል። እሱም አይበቃም፣ ምክንያቱም ያልለካነው ነገር አለ። ለምሳሌ በደንበኛው ድርጅት ውስጥ ሶፍትዌሩን ወዶ ሌሎቹን የሚያስተባብር ሰው መኖር አለመኖሩ የትም አልተመዘገበም። እንዲህ ያለ ሰው ያላቸው ደንበኞች ድርሻ በሠለጠኑት ዘንድ በ30 ነጥብ ቢበልጥ፣ የዚያ ሰው መኖር ደግሞ የማደስን ዕድል በ20 ነጥብ ቢጨምር፣ ኮኤፊሸንታችን የሚነፋው 0.30 × 0.20 = 0.06 ነው። የቀረን በሙሉ ይሄው ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የእኔ ግምት ናቸው፤ ግን የተጋነኑ አይደሉም፤ መካከለኛ የሆነ አንድ የተደበቀ ምክንያት ብቻውን ውጤቱን ዜሮ ማድረግ እንደሚችል ያሳያሉ። የምክንያቱ አቅጣጫም ሊገለበጥ ይችላል፤ ለማደስ አስቀድሞ የወሰነ ደንበኛ «እንግዲህ ልማረው» ብሎ ሠራተኞቹን ሥልጠና ይልካል።

በተቃራኒው «ሥልጠናው አይሠራም» እያልኩ አይደለም። አንዳንድ አስተባባሪዎች የሚቸገሩ ደንበኞችን ለይተው ከጋበዙ፣ ይህ የሥልጠናውን ጥቅም ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል። ሁለቱ ግፊቶች በምን ያህል እንደሚካካሱ ከዚህ ዳታ ማወቅ አይቻልም።

ትናንት በውይይት ላይ ከሥልጠናው በኋላ ያለውን አጠቃቀምና የእርዳታ ጥያቄዎችን ብዛት እንጨምር የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ይህን ባናደርግ ይሻላል። ሥልጠናው የሚጠቅም ከሆነ የሚጠቅመው አጠቃቀምን በመጨመር ነው፤ ያንን ተለዋዋጭ ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት የምንለካውን ጥቅም ራሱን ቆርጦ ማውጣት ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ከ6ኛው ሳምንት በፊት የተለካ ከሆነ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የተለካ ከሆነ አይገባም።

የምክንያቱን ጥያቄ በቁርጥ የሚመልሰው ዕጣ ነው። በ5ኛው ሳምንት መጨረሻ ውላቸው ያልተቋረጠ ደንበኞችን በኮምፒውተር ዕጣ ለሁለት እንከፍላለን፤ ግማሾቹ ቀጠሮ ይያዝላቸዋል፣ ግማሾቹ ሥልጠናውን የሚያገኙት ከዕድሳት ጊዜያቸው በኋላ ይሆናል። ዕጣው አስተባባሪው ማን ትጉህ እንደሆነ ቢያውቅም ባያውቅም ሁለቱን ቡድኖች በአማካይ ያመሳስላቸዋል፤ ያልለካነውንም ጭምር።

የሚያስፈልገን የደንበኛ ብዛት ግን የሚጠበቀው ውጤት ላይ ይወሰናል። ቀጠሮ ከተያዘላቸው 80 በመቶው እንደሚመጡ፣ ከሌላው ቡድን ማንም እንደማይሠለጥን፣ ሥልጠና ሳይኖር የዕድሳት መጠኑ 69 በመቶ እንደሆነ እንውሰድ። ፓወር፣ ማለትም እውነተኛ ልዩነት ካለ የማግኘት ዕድላችን፣ 80 በመቶ፤ ልዩነት ሳይኖር አለ የማለት የስሕተት ደረጃው ደግሞ 5 በመቶ ይሁን። እውነተኛው ጥቅም 14 ነጥብ ከሆነ በቡድኖቹ መካከል የሚታየው 11.2 ነጥብ ይሆናል፤ ለዚህ በየቡድኑ 233 ደንበኛ ይበቃል። በወር 188 ያህል ደንበኞች 6ኛውን ሳምንት ስለሚያልፉ ምዝገባው በሁለት ወር ተኩል ያልቃል። እውነተኛው ጥቅም 6 ነጥብ ከሆነ ግን የሚታየው 4.8 ነው፤ በየቡድኑ 1,386 ስለሚያስፈልግ ምዝገባው ብቻ ወደ 15 ወር ይወስዳል። በሁለቱም ላይ ውሉ የሚታደስበትን ጊዜ መጠበቅ ይጨመራል። ስለዚህ አጭሩ ሙከራ ስላይዱ ላይ ያለውን የ14 ነጥብ ግምት ሊፈትን ይችላል፤ ትንሽ ጥቅም መኖር አለመኖሩን ግን አይወስንም። ይህን ከመጀመራችን በፊት ለሥራ አመራሩ ብንነግር ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ አጭሩ ሙከራ ልዩነት ሳያሳይ ሲቀር «ሥልጠናው ዋጋ የለውም» ተብሎ ይተረጎማል።

ሙከራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሁለት ቦታ ነው። አስተባባሪው «ይሄ ደንበኛ በጣም ይፈልገዋል» ብሎ ከዕጣው ውጭ ሲያስገባ፣ ወይም እኛ ትንተናውን ስንሠራ ቀጠሮ ተይዞላቸው የቀሩትን «አልሠለጠኑም» ወደሚለው ቡድን ስናዛውር። ሁለተኛውን ካደረግን ዕጣው የሰጠን ጥቅም ሁሉ ይጠፋል፤ ደንበኛው መጣም ቀረም፣ የሚተነተነው ዕጣው በመደበው ቡድን ውስጥ ነው። የዕጣውን ዝርዝር የሚይዘውም ከሽያጭ ክፍሉ ውጭ ያለ ሰው ቢሆን እመርጣለሁ።

ለሐሙስ ግን ስላይድ 7 ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር በዚህ ቢተካ፦

«እስከ 6ኛው ሳምንት ከቆዩ ደንበኞች መካከል፣ ሥልጠናውን የወሰዱት ካልወሰዱት ተመሳሳይ ደንበኞች ይልቅ ውላቸውን የማደስ መጠናቸው በ6 ነጥብ ይበልጣል (95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፦ ከ2 እስከ 10)። ሥልጠናው በፈቃደኝነት ስለነበር ልዩነቱ በከፊል ወይም በሙሉ የደንበኞቹ ቀድሞ የነበረ ትጋት ሊሆን ይችላል።»

በግራፉ ርዕስ ላይም «የሥልጠናው ተጽዕኖ» የሚለው «የዕድሳት መጠን፣ በሠለጠኑና ባልሠለጠኑ» ቢባል። «ተጽዕኖ»፣ «አስገኘ»፣ «ምክንያት» የሚሉት ቃላት ስላይድ 9 ላይም ሁለት ቦታ አሉ፤ ከፈቀዱልኝ እነሱንም ዛሬ አስተካክላቸዋለሁ።

የተስተካከለውን ስላይድና የፓወር ስሌቱን ፋይል አያይዣለሁ። ለዕጣው ሙከራ ፈቃድዎን እስከ ረቡዕ ቀትር ካገኘሁ፣ የአንድ ገጽ ዕቅድ ለሐሙስ አደርሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ዳዊት
ጀማሪ የዳታ ተንታኝ