አስቸኳይ!

እህት፣ ማታ 2፡10
«አስቸኳይ!!! ወንድሜ ድረስልኝ!!»

ወንድም፣ ማታ 2፡12
«አይዞሽ እህት ዓለም፣ መልእክትሽን አይቼዋለሁ። ደወልኩ፣ አላነሳሽም። ማውራት ካልቻልሽ ጻፊልኝ። የት ነሽ? ቤት ወይስ ቀፊራ ገበያ? እማዬ አጠገብሽ ናት? የተጎዳ ሰው አለ?

ደም ካለ ወይም መተንፈስ ያቃተው ካለ እኔን አትጠብቂ፣ 907 ደውለሽ አምቡላንስ ጥሪ።

ጎርፍ ከሆነ የደቻቱን ወንዝ ለመሻገር እንዳትሞክሪ። እኛ ጋ ባይዘንብም ደንገጎ ተራራ ላይ የጣለው በአንዴ ነው የሚደርሰው። እማዬን ይዘሽ ወደ ከፍታ ውጪ፣ ዕቃው ይቅር።

እኔ ሳቢያን ነኝ። ጫማዬን አስሬያለሁ፣ ባጃጁም በር ላይ ቆሟል። የት እንደምመጣ ብቻ ንገሪኝ። ‹ቤት› ብትዪኝ ይበቃኛል።»