ለጋሽ በላይ፦ ስለ አዘዞው ስራ መልሴ

ጋሽ በላይ እንደምን ከረሙ? እንኳን ለብርሃነ ትንሳኤው አደረሰዎት። እትዬስ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ቤት ሁሉም ሰላም ነው እግዚአብሔር ይመስገን።

ደውዬ ልነግርዎት አስቤ ነበር፣ ግን እርስዎ ስልክ የሚያነሱት ሳይት ላይ ሆነው ሚክሰር እየጮኸ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በጩኸት መሃል አይነገርም፣ ስለዚህ ማታ ቤት ሲገቡ ረጋ ብለው እንዲያነቡት በቴሌግራም ፃፍኩልዎት። ነገ ጠዋት ራሴ እደውላለሁ።

ዋናውን ላስቀድም። የአዘዞውን ህንፃ ሳይት ኢንጂነር ሆኜ እንድይዝ ያሉኝን ስራ መቀበል አልቻልኩም። ሌላ ስራ መጥቶልኛል፣ እሱን ለመያዝ ወስኛለሁ። እኛ ገና ውል ስላልተፈራረምን፣ እርስዎም ሰው የሚፈልጉበት ጊዜ እንዳያጥርዎት ብዬ ነው የዛኛው ስራ መልስ እንደደረሰኝ ወዲያው የነገርኩዎት።

የደሞዝ ነገር እንዳይመስልዎት ጋሼ። የእርስዎ ይበልጣል፣ የትራንስፖርቱና የቤቱ አበል ሲጨመር ደግሞ በጣም ነው የሚበልጠው፣ እናቴም ይሄንኑ እያነሳች ስትከራከረኝ ነው የሰነበተችው። ይሄን የምልዎት ትንሽ ብጨምርላትስ ብለው እንዳይቸገሩ ነው፣ ለእኔ የሚያስፈልገኝን ሁሉ አስበው ነበር ያቀረቡልኝ።

የመጣልኝ ስራ ፋሲል ግቢ ውስጥ ነው፣ የቅርስ ጥገና። የግድግዳዎቹን ስንጥቅ እየለኩ መመዝገብ፣ በድንጋዮቹ መሃል ያለውን የድሮ ኖራ ናሙና እየወሰዱ ማስመርመር፣ ከዛ ከግንበኞቹ ጋር አብሮ መዋል። ዩኒቨርስቲ እያለሁ የመመረቂያ ስራዬን በኖራ ላይ እንደሰራሁ አጫውቼዎት ነበር፣ ከዛ ወዲህ ግን የያዝኩት ስራ ሁሉ ብሎኬትና ኮንክሪት ስለሆነ የተማርኩት ነገር እጄ ላይ ሊደርቅ ነው እያልኩ ስጨነቅ ነው የኖርኩት። እርስዎ ግንባታ ውስጥ ያደጉ ሰው ስለሆኑ ይገባዎታል፣ የነገስታቱ ግንብ የተሰራው በኖራ ነው፣ ኖራ ደግሞ እርጥበት ሲገባበት መልሶ ያስወጣዋል፣ ግድግዳው ሲንቀሳቀስም ትንሽ ይለጠጥለታል። በላዩ ሲሚንቶ ሲለጠፍበት ግን ውሃው መውጫ ያጣና ውስጥ ይቀራል፣ ከዛ የሚፈርሰው ሲሚንቶው ሳይሆን ድንጋዩ ነው። በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተጠጋገኑ ቦታዎች ነበሩ፣ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች እሱን እያነሱ ወደ ኖራው ለመመለስ ብዙ ደክመዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የመዘገበው ግንብ ስለሆነ ደግሞ እንደ እኛ ህንፃ ዛሬ አፍርሰን ነገ እንገነባለን አይባልም፣ አንድ ድንጋይ ከመነሳቱ በፊት ፎቶ ይነሳል፣ ይሳላል፣ ይፃፋል። ስራው ቀስ ያለ ነው፣ ትእግስት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ እንደዛ ነው መስራት የምወደው። ከልጅነቴ ጀምሮ በአጥሩ ስር እየተመላለስኩ ያደግኩበት ግንብ ነውና እምቢ ማለት ከአንጀቴ አልወጣ አለኝ።

ግን ጋሼ ያደረጉልኝን አልረሳውም። ሳይቱን ሊያሳዩኝ የወሰዱኝ ቀን ለፋውንዴሽን ሙከራ የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ በዛ እድሜዎ ራስዎ ወርደው፣ የዋልካውን ጓል በእጅዎ ሰባብረው እያሳዩኝ «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊበታለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ወንዶቹ ሁሉ ከላይ ቆመው እያዩ መጀመሪያ የእኔን ሃሳብ ነው የሰሙት። እስካሁን በሰራሁባቸው ቦታዎች እንዲህ ያለ ክብር የሰጠኝ ሰው የለም፣ ለዚህ ነው መልሴን ለመፃፍ የከበደኝ።

እሱን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚቀጥሩት ሰው ማንም ይሁን ማን። ያ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ህንፃውን ይዞት ይነሳል ይወርዳል። ስለዚህ ሰው እስኪገኝ ብለው ቁፋሮውን አያቆዩት፣ ሰኔ ሳይገባ ፉቲንጉ ወጥቶ ቢያልቅ ነው የሚሻለው፣ ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ዝናብ ከገባበት ግድግዳው እየተናደ ሁለት ጊዜ ያስቆፍርዎታል። ደግሞ ታች ያለው ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ይወረድ፣ ይብቃ ይብቃ የሚል ሰው ቢመጣም አይስሙት። የሶይል ሪፖርቱን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ያሰመርኩባቸው ቦታዎች አሉ፣ አዲሱ ኢንጂነር እነሱን ቢያይ ጥሩ ነው።

ስለ ሰው ደግሞ፣ አንድ አብሮኝ የተማረ ልጅ አለ፣ ደባርቅ ላይ ህንፃ ሲያሰራ ነው የቆየው፣ ስራው እያለቀ ስለሆነ ወደዚህ መመለስ ይፈልጋል፣ እናቱም እዛው አዘዞ ናቸው። ስራ ላይ ቁጡ ነው ግን ታማኝ ነው፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያለ ፊርማ ከስቶር አያስወጣም። ፈቃድዎ ከሆነ ስልኩን ልላክልዎት፣ አይተውት ካልመሰለዎት በእኔ ምክንያት እንዳይያዙ፣ ለእሱም ቁርጥ ያለ ነገር አልነገርኩትም።

ለወደፊቱም ጋሼ ከእርስዎ ጋር የመስራት ፍላጎቴ እንዳለ ነው። የቅርሱ ስራ ፕሮጀክት ስለሆነ ጊዜው የተወሰነ ነው፣ ሲያልቅ መጀመሪያ የምደውለው ለእርስዎ ነው፣ ያኔ ቦታ ካለ ደስ ይለኛል፣ ባይኖርም አልቀየምም። ከዛ በፊትም የፊት ለፊቱን ግድግዳ በጎንደር ድንጋይ አለብሰዋለሁ ያሉኝን ካልተዉት፣ እዛ ላይ ስትደርሱ ይጥሩኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣሁ ድንጋዩንም ግንበኞቹንም አያለሁ። ለዚህ ክፍያ የሚባል ነገር እንዳያነሱብኝ።

አጎቴን ደግሞ እባክዎ አይቀየሙት። እሱ ያገናኘን በቅን ልቡ ነው፣ እኔም የነገርኩት ዛሬ ነው፣ እንዲያውም «ጋሽ በላይን እንዴት ብዬ አያለሁ» ብሎ በጣም ነው የተጨነቀው። ቢደውሉለት ደስ ይለዋል።

የሰጡኝን ድሮዊንግና የሶይል ሪፖርቱን አርብ ፒያሳ ቢሮዎ ይዤ እመጣለሁ፣ በሰው አልልከውም። ቢሮ ከሌሉ ፀሐፊዋን አስፈርሜ አስረክባታለሁ፣ ካሉ ግን ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን ያሰመርኩባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ባሳይዎት ይሻለኛል።

ለእትዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እግዚአብሔር ስራዎን ያቃናልዎት።

አክባሪዎ
ትህትና