ጉልት፣ ግዝትና አንቀጽ 127

የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ለገዳማት ጉልት ሲሰጡ፣ ስጦታው ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው በገዳሙ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ነበር። የደብረ ሊባኖስ ዘሽመዛና ወርቅ ወንጌል የያዛቸው የመሬት ሰነዶች የዚህ ልማድ ምስክሮች ናቸው። በእንዲህ ያለ ሰነድ መጀመሪያ ላይ የሚናገረው ንጉሡ ነው፤ ወደ መጨረሻው ግን ስጦታውን የጣሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይከተላል። ሰጪው ዙፋኑ ቢሆንም የስጦታው ጠባቂ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው ማለት ነው። ሰነዱን ያቆየልን ተጠቃሚው ገዳም ራሱ መሆኑ ግን በንባባችን ላይ ጥንቃቄ ይጨምራል።

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሚዛኑን ይገለብጣል። ብዙዎች የሚጠቅሱት አንቀጽ 126ን ነው፦ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ትደገፋለች፣ የንጉሠ ነገሥቱም ስም በጸሎት ሁሉ ይጠራል። እኔ ክብደት የምሰጠው ለአንቀጽ 127 ነው። የጳጳሳት ምርጫ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አይጸናም፤ ከሥልጣኑ ውጭ የቀረው የምንኩስናና የመንፈሳዊ አስተዳደር ጉዳይ ብቻ ነው። ድጋፉ የተገኘው ቁጥጥርን በመቀበል ነበር። የካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ በወንጌል ገጾች የተጻፈው ግዝት የሚጠብቀው ጉልት አልቀረም።