የሥራ ላይ አደጋ ሪፖርት፦ በፓምፕ ክፍል ቴክኒሻን ላይ የደረሰ የኮረንቲ አደጋ

ለ፦ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ፣ ለሰው ኃይል ክፍል
ከ፦ ጥገና ክፍል፣ የጠዋት ፈረቃ ኃላፊ
አደጋው የደረሰበት ጊዜ፦ ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 4፡20 ገደማ
ቦታ፦ ከዱቄት መጋዘኑ ጀርባ ያለው የውኃ ፓምፕ ክፍል
የተጎዳው፦ የኤሌክትሪክ ጥገና ቴክኒሻን፣ ወንድ፣ 27 ዓመት። ስሙና የመታወቂያ ቁጥሩ በሰው ኃይል ክፍል ፋይል ውስጥ አለ።

ምን ሊሠራ ሄደ

የፓምፑ ኮንታክተር ከዋዜማው ጀምሮ ይጮህ ነበር። ቴክኒሻኑ ከረዳቱ ጋር ኮይሉን ሊቀይር ገባ። በፓምፕ ፓነሉ ውስጥ ያለውን ዋና ብሬከር አወረደ። በሞልቲሜትር ሦስቱን ፌዞች ለካ፣ ዜሮ አገኘ። ረዳቱም ሞልቲሜትሩ ላይ ዜሮ ማየቱን መስክሯል። ብሬከሩ ላይ ጓጉንቸር አልተደረገም፣ ማስጠንቀቂያ ካርድም አልተንጠለጠለም።

ከዚያ ኮይሉን የሚመግበውን ሽቦ ከኤ1 ፈታ። ጫፉ ጠቁሮ ስለነበር በፒንሳ ቆርጦ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ላጠው። የመዳብ ክሮቹን በቀኝ እጁ አውራ ጣትና አመልካች ጣት እያጠማዘዘ፣ በግራ እጁ የፓነሉን በር ጠርዝ ይዞ ነበር። በሩ ብረት ነው፣ ከኧርዝ ጋር የተያያዘ ነው። ኮረንቲ የያዘው በዚህ አቋም ላይ እያለ ነው። ጓንት አላደረገም። የሴፍቲ ጫማ አድርጓል፣ ግን ኮረንቲው ከእጅ ወደ እጅ ስለሄደ ጫማው የሚያድነው አልነበረም።

የራሱ ቃል፣ ክሊኒክ ሆኖ እንደነገረኝ፦ «ከለካሁ በኋላ ሞቷል ብዬ ነው የያዝኩት። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ጨመደደኝ። ሽቦውን መልቀቅ አልቻልኩም። ወደ ኋላ ስወድቅ ነው የለቀቀኝ።»

ረዳቱ ስንት ሰከንድ እንደቆየ መናገር አልቻለም። «ዓይኔን ሳዞር ጮኸ፣ ወደቀ» ነው ያለው። ስለዚህ ሰከንድ አልጻፍኩም።

ኃይሉ የተቋረጠበት መንገድ

ረዳቱ አልነካውም። ይህ በጣም ጥሩ ነው፣ ሮጦ ቢይዘው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሁለት ሰው ይሆን ነበር። ሮጦ ወደ ዋናው ማከፋፈያ ፓነል ሄደና የፓምፑን መስመር ብሬከር አወረደ። ቴክኒሻኑ በዚያን ጊዜ መሬት ላይ ነበር፣ ሽቦውም ከእጁ ወጥቷል።

እኔ 4፡24 ላይ ደረስኩ። መጀመሪያ ሰውየውን ከፓነሉ ሁለት ሜትር ያህል አራቅነው። ቀጥሎ የተላጠውን ሽቦ በቴስተር ካቻቢቴ ነካሁት። በራ። የፓምፑ ብሬከር ወርዷል፣ ማከፋፈያው ላይ ያለውም ወርዷል፣ ሽቦው ግን አሁንም ሕያው ነው። በሞልቲሜትር ከኧርዝ ጋር ስለካው 226 ቮልት አሳየኝ።

ሽቦውን ተከትዬ ሄድኩ። በግድግዳው ላይ ባለ ነጭ ፓይፕ አልፎ በጥበቃ ቤቱ አጠገብ ወዳለው የመብራት ፓነል ይገባል። የውኃ ታንከሩ ተንሳፋፊ ማብሪያ ሲገጠም ኮይሉ ከዚያ እንዲመገብ ተደርጓል። የፓምፕ ፓነሉ ሥዕል ላይ ግን ይህ መስመር የለም፣ በፓነሉ በር ላይም ሁለተኛ ምንጭ እንዳለ የሚናገር ጽሑፍ የለም።

ሲለካ ዜሮ ነበር፣ ሲይዘው ግን ኮረንቲ ነበረው ለምን? በመጀመሪያ የለካው የፓምፑን ፌዞች እንጂ የኤ1 ሽቦውን አልነበረም። ቢለካውም ዜሮ ሊያገኝ ይችል ነበር፣ ምክንያቱም ታንከሩ ሞልቶ ተንሳፋፊው ክፍት ስለነበር ኮረንቲ አያሳልፍም ነበር። በዚያው ሰዓት የስንዴ ማጠቢያው ሥራ ጀምሯል፣ ውኃው ወርዷል፣ ተንሳፋፊው ገጥሞ ኮረንቲ አሳልፏል። ይህን ለማጣራት ኃይሉ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሰው ታንከሩ ላይ ወጥቶ ተንሳፋፊውን በደረቅ እንጨት እንዲያነሳ አደረግሁ። ሲያነሳው ቮልቱ ጠፋ፣ ሲለቀው ተመለሰ። የማጠቢያው ሠራተኛም ውኃ መክፈቱን 4፡15 ገደማ ብሎ ያስታውሳል።

ሙሉ ማቋረጡ የተደረገው እንዲህ ነው። በመብራት ፓነሉ ውስጥ የዚህ መስመር የሆነውን ባለ 10 አምፔር ብሬከር አወረድኩ፣ ቀጥሎ የፓነሉን ዋና ማብሪያ አጥፍቼ በጓጉንቸር ቆለፍኩት። ማብሪያው ከጀነሬተሩ ቼንጅኦቨር በኋላ ያለ ስለሆነ መብራት ቢጠፋና ጀነሬተሩ ቢነሳም ኃይል አይደርስም። እንደዚያም ሆኖ ጀነሬተሩን ከኦቶ አውርጄዋለሁ። የፓምፑ ብሬከርና ማከፋፈያው ላይ ያለውም ተቆልፈዋል። ሦስቱም ላይ «ሰው እየሠራ ነው፣ አትንካ» የሚል ካርድ፣ ቀንና ፊርማዬ አለ።

ከዚያ ሞልቲሜትሩን መጀመሪያ ሕያው በሆነ ሶኬት ላይ ሞክሬ፣ ፌዝን ከፌዝ፣ ፌዝን ከኒውትራል፣ ፌዝን ከኧርዝ፣ የኤ1 ሽቦውንም ከሁለቱ ጋር ለካሁ። ሁሉም ዜሮ። ተመልሼ ሶኬቱ ላይ ሞከርኩት፣ ሞልቲሜትሩ ይሠራል። ሰዓቱ 4፡52 ነበር።

ባለ 10 አምፔር ብሬከሩ አልወደቀም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በሰው ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ተራ ብሬከር አያየውም። በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር መስመሩ ላይ የለም።

በአካሉ ላይ የታየው

የመጀመሪያ እርዳታ ሠራተኛዋ 4፡28 ላይ ደረሰች። ከዚህ በታች ያለው እሷና እኔ ያየነው ነው።

ራሱን አልሳተም። ስሙን፣ የት እንዳለና ምን ይሠራ እንደነበር በትክክል መለሰ። ፊቱ ገርጥቷል፣ ላብ አለው፣ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። የልብ ምቱ 4፡31 ላይ በደቂቃ 104፣ 5፡00 ላይ 92።

የቀኝ አመልካች ጣት ጫፍ ላይ ክብ፣ 4 ሚሊሜትር ያህል፣ መሐሉ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ደረቅና ትንሽ የሰመጠ፣ ዙሪያው የቀላ ቁስል አለ። ስትነካው መሐሉ አያመኝም አለ። አውራ ጣቱ ላይ መቅላት ብቻ። በግራ እጁ ሁለት ጣቶች ላይ የበሩን ጠርዝ የተከተለ ቀይ መስመር አለ፣ ቆዳው አልተላጠም። ቀኝ ክርኑ በውድቀቱ 2 ሳንቲሜትር ያህል ተፍቋል። ጭንቅላቱን አልመታም፣ ረዳቱም ቁጭ ብሎ እንደወደቀ ነው ያየው።

እሱ የነገረን፦ ቀኝ ክንዱ ይደነዝዘዋል፣ ልቡ «ይደልቅብኛል» ይላል። ደረቴን ያመኛል አላለም።

ቁስሉ ላይ ቅባትም ሆነ የጥርስ ሳሙና አልተቀባም። በንጹሕ ደረቅ ጋዝ ተሸፈነ። ጣቱ ላይ ያለው ትንሽ ቢመስልም ኮረንቲው በደረት በኩል ስላለፈ እዚሁ አርፎ ሥራ እንዲቀጥል አልተፈቀደም። «ደህና ነኝ፣ ኮይሉን ልጨርሰው» ብሎ ነበር። 5፡05 ላይ በፋብሪካው ፒካፕ የልብ ምርመራ መሣሪያ ወዳለበት ጤና ተቋም ተወሰደ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሠራተኛዋ አብራው ሄደች።

የሐኪሙ ወረቀት እንደሚለው የልብ ኢሲጂ ተነስቶ ችግር አልታየበትም። ሽንቱ ተመርምሯል። እስከ ማታ 1 ሰዓት ተኝቶ ተከታትለውት ወጥቷል። 3 ቀን የሕመም ፈቃድ ተሰጥቶታል፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ልቡ ከተዛባበት ወዲያው እንዲመለስ ተነግሮታል።

አሁን ያለበት ሁኔታ

የተላጠው ሽቦ፣ ፒንሳውና የተቃጠለው ኮይል እንደነበሩ ፎቶ ተነስተው በፕላስቲክ ከረጢት ታሽገዋል። ረዳቱና የማጠቢያው ሠራተኛ ቃላቸውን በጽሑፍ ሰጥተዋል። አደጋው በመዝገብ ገብቷል፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የሚላከውን ማሳወቂያ የሰው ኃይል ክፍል ነገ ጠዋት ይወስዳል።

የኮይሉ መስመር ከመብራት ፓነሉ ተፈትቶ ከፓምፑ ብሬከር በታች እስኪገባ ፓምፑ እንዳይነሳ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ማጠቢያው በቦቴ ውኃ ይሠራል፣ ጥበቃ ቤቱም መብራት በኤክስቴንሽን ከመጋዘኑ ያገኛል። ከተንሳፋፊ ጋር የተያያዙ ሌሎች ሁለት ፓነሎች አሉን፣ የቦይለሩና የእሳት ማጥፊያው። እነሱንም ቅዳሜ ሽቦ በሽቦ እንከተላቸዋለን፤ ያኔ ጥገና ክፍል ሁለት ተጨማሪ ሰው ያስፈልገዋል።

የሦስቱም ጓጉንቸሮች ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ትርፍ ቁልፍ የለም።

የጥገና ክፍል የጠዋት ፈረቃ ኃላፊ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከምሽቱ 2፡30 የተጻፈ